«አፔንዲክሱ አልታየም» ማለት ደህና ነው ማለት ነው? የ9 ዓመት ልጄ አልትራሳውንድ

የማቲ እናት · ማክሰኞ ምሽት 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ከሆስፒታል ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ሐሳቤ ቢዘበራረቅ ይቅርታ።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እምብርቴ አካባቢ አመመኝ ብሎ ተነሳ። ቀኑን ሙሉ ምንም መቅመስ አልፈለገም። ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወረደ። አላስመለሰውም፣ አላቅለሸለሸውም። ትኩሳቱ 37.6 ነው። ሐኪሙ ቀኝ ጎኑን ሲጫነው እጁን ይይዘዋል። ነጭ የደም ሴሉ 12,400 ሆነ። «ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል» ብለው ወደ 10 ሰዓት ገደማ አልትራሳውንድ ተነሳ።

ሪፖርቱን እንደገባኝ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ፦

«አፔንዲክሱ አልታየም። የአንጀት ጋዝ ምርመራውን አስቸግሯል። በቀኝ በኩል ጥቂት የሊምፍ እጢዎች ታይተዋል፣ ትልቁ በአጭሩ ጎን 6 ሚሊሜትር ነው። በአካባቢው ያለው ስብ አልተቆጣም። የተጠራቀመ ፈሳሽ የለም። ፕሮቡ ቀኝ ታችኛው ሆድ ላይ ሲጫን ልጁ ሕመም ይሰማዋል።»

ሐኪሙ እዚህ ይደር፣ በየጥቂት ሰዓቱ እናየዋለን፣ ጠዋት አልትራሳውንዱ ይደገማል አለ። ባለቤቴ ደግሞ «ካልታየ ምን ይጠበቃል? ሲቲ ስካን ያንሱትና ይለይለት» ይላል። እኔ መሐል ቤት ቀረሁ። አለመታየቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ለምንስ ሲቲ ስካን አይነሳም?

---

አራተኛ ዓመት · 2፡58

አይዞሽ እህቴ። የሕክምና ተማሪ ነኝ። ጤነኛ አፔንዲክስ ቀጭን ስለሆነ በአልትራሳውንድ አይታይም። የታመመው ነው አብጦ የሚታየው። ስለዚህ አልታየም ማለት አላበጠም ማለት ነው፤ ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው። በዚያ ላይ የሊምፍ እጢዎች አሉ ይላል። ይሄ በልጆች ላይ የሚበዛው የሆድ እጢዎች መቆጣት ነው፣ በራሱ ይድናል። ተረጋጊ።

---

ብርሃኑ ዘ. · 3፡05

ባለቤትሽ ልክ ነው። ኦፕራሲዮን ምን ያስቸኩላል! አሁን እኮ ትርፍ አንጀት በመርፌ መድኃኒት ብቻ ይድናል። እኔ የማውቀው ሰው ሳይቀደድ ድኖ ቤቱ ገብቷል። እምቢ በሉ።

---

የማቲ እናት · 3፡09

አቶ ብርሃኑ፣ ኦፕራሲዮን እስካሁን ማንም አላነሳም። ባለቤቴ የሚለው ሲቲ ስካን ለምን አይነሳም ነው።

---

ጥላሁን 77 · 3፡21

እኔ የራሴን ልንገርሽ። 36 ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት ቀኝ ጎኔን ክፉኛ አመመኝ። አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ «አልታየም» አሉ። ሲቲ ስካን ተነሳሁ፣ አፔንዲክሴ 8 ሚሊሜትር ነው ተባለ። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ከ6 በላይ ሁሉ በሽታ ነው ይላል። እነሱ ግን ምንም አላደረጉልኝም፣ መድኃኒት ሰጥተው ወደ ቤቴ ሰደዱኝ። እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ ይዤ የምዞር ነው የሚመስለኝ። በዚህ ነገር ሐኪም አትመኚ፣ ቁጥሩን ራስሽ አንብቢ።

---

ጥቁርና ነጭ · 3፡47

የራዲዮሎጂ ሐኪም ነኝ። ሥራዬም በአብዛኛው ልጆችን ማየት ነው። ልጁን ስላላየሁት ስለ እሱ ልወስን አልችልም፣ ሪፖርቱን ግን አብረን ማንበብ እንችላለን።

ከተማሪው ልጀምር፣ ግማሹን ልክ ነህና። አፔንዲክሱ ሳይታይ ሲቀር፣ በዙሪያውም የመቆጣት ምልክት ሳይኖር፣ ነጭ የደም ሴሉም ካልጨመረ፣ የልጁ ሕመም ትርፍ አንጀት የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። የዘለልከው «ነጭ የደም ሴሉም ካልጨመረ» የሚለውን ነው። የዚህ ልጅ ጨምሯል። ሕመሙም ከእምብርት ተነስቶ ወደ ቀኝ ወርዷል፣ ይሄ የትርፍ አንጀት የቆየ ጠባይ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ጤነኛ አፔንዲክስ በአልትራሳውንድ አይታይም የምትለው ልክ አይደለም። ቀጭን ልጅ ላይ፣ የለመደ እጅ ከሆነ ጤነኛውም ብዙ ጊዜ ይታያል። የማይታይበት ምክንያት ጋዝ ሊሆን ይችላል፣ ከትልቁ አንጀት ጀርባ መደበቁ ሊሆን ይችላል፣ ልጁ አልቅሶ ሆዱን ስላጠነከረም ሊሆን ይችላል። ምን ያህሉ ሳይታይ ይቀራል የሚለው ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው በጣም ይለያያል፣ ምክንያቱም ማሽኑን የሚይዘው ሰው ነው።

ስለዚህ የማቲ እናት፣ «አልታየም» ጥሩም መጥፎም ዜና አይደለም። አላየሁትም ማለት ብቻ ነው። በሪፖርት ላይ «ታይቷል፣ ጤነኛ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፣ እሱ ልብ ያሳርፋል። «አልታየም፣ ግን በዙሪያው ያለው ስብ ተቆጥቷል፣ ፈሳሽ አለ» የሚልም አለ፣ እሱ ያሰጋል። የናንተው በሁለቱ መሐል ያለው ነው። አልታየም፣ ዙሪያው ግን ለጊዜው ጸጥ ብሏል።

ስለ እጢዎቹ ደግሞ በ6 ሚሊሜትር እጢ ምንም መደምደም አይቻልም። በአጭሩ ጎን ሲለካ እስከ 8 ሚሊሜትር ያለ እጢ ጤነኛ ልጆች ሆድ ውስጥም ይገኛል። አፔንዲክሱ ታይቶ ጤነኛ ከሆነ በኋላ ነው «እጢ ነው ያመመው» የሚባለው። ሳይታይ እጢውን መወንጀል ሌባው ሳይያዝ ጎረቤትን እንደማሰር ነው።

---

አራተኛ ዓመት · 3፡55

ተቀብያለሁ ዶክተር። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የታመመው አብጦ በግልጽ የሚታይ ከሆነ፣ ይሄ ልጅ ታሞ ቢሆን ኖሮ እንዴት አልታየም?

---

ጥቁርና ነጭ · 4፡10

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ አልትራሳውንዱ እንዴት እንደሚሠራ ላይ ነው ያለው።

መጀመሪያ ልጁን «በአንድ ጣትህ የሚያምህን ቦታ አሳየኝ» እንለዋለን። ብዙ ጊዜ ጣቱ ከእኛ ፕሮብ ቀድሞ ያገኘዋል። ከዚያ ጠፍጣፋውን ፕሮብ እዚያ ላይ አድርገን ቀስ እያልን፣ ሲተነፍስ እየጠበቅን እንጫናለን። ስንጫን ጋዙ ይሸሻል፣ ጤነኛው አንጀት ይጨፈለቃል። ከፊት የሆድ ግድግዳ፣ ከኋላ የጀርባ ጡንቻ አለ፤ በሁለቱ መሐል ያለው ለስላሳ ነገር ሁሉ ጠፍጣፋ ይሆናል። የታመመ አፔንዲክስ ግን አይጨፈለቅም። ጫፉ የተዘጋ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ጠንካራ ቱቦ ሆኖ ይቀራል። ዘዴውን በ1986 ፑይላርት የተባለ የኔዘርላንድስ ሐኪም ጻፈው፣ እስከ ዛሬም የምንሠራው በዚያው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሕመሙ ከጀመረ ጥቂት ሰዓት ብቻ ከሆነ እብጠቱ ገና ነው። ከትልቁ አንጀት ጀርባ ከተጠመዘዘ ደግሞ ከፊት ብትጫነውም አትደርስበትም፣ ፊት ለፊቱ ጋዝ አለ። ከፈነዳ በኋላም ውስጡ ያለው ስለሚፈስ ሊሟሽሽ ይችላል፣ ያኔ ቱቦውን ሳይሆን በዙሪያው ያለውን መግልና የተቆጣ ስብ ነው የምታየው። ከሁሉ የሚያታልለው ግን ጫፉ ብቻ ሲታመም ነው። መነሻው 5 ሚሊሜትር፣ ለስላሳ፣ ሲጫኑት የሚጨፈለቅ ይሆናል። መርማሪው ያንን አይቶ «ጤነኛ» ብሎ ይጽፋል። ሕመሙ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ስለዚህ ሪፖርት ላይ «እስከ ጫፉ ድረስ ታይቷል» የሚል ቃል ካለ እኔ ለዚያ ቃል ትልቅ ዋጋ እሰጠዋለሁ።

---

የማቲ እናት · 4፡18

አመሰግናለሁ ዶክተር፣ አሁን ገባኝ። ሲቲ ስካኑስ? ባለቤቴ አጠገቤ ሆኖ ያነባል።

---

ጥቁርና ነጭ · 4፡36

ሰላም ይበሉልኝ። አስተያየቱ ሞኝነት አይደለም። አዋቂ ቢሆን እኔም ሲቲ ስካን እል ነበር።

ሲቲ ስካን ጋዝ አያግደውም፣ ከጀርባ የተደበቀውንም ያያል፣ በማን እጅ እንደተነሳም ያን ያህል አይለያይም። አዋቂ ላይ ስብ መኖሩም ይረዳዋል። በምስሉ ላይ ስብ ጠቆር ይላል፣ አፔንዲክሱ በጥቁር ጨርቅ ላይ እንደተቀመጠ ገመድ ተለይቶ ይታያል። ሲቆጣ ጥቁሩ ስብ በግራጫ ክር ይሞላል፣ እኛም የምንፈልገው ያንን ነው። ቀጭን ልጅ ሆድ ውስጥ ግን ያ ስብ የለም። ሁሉም አንጀት እርስ በርሱ ተጣብቆ ግራጫ በግራጫ ይሆናል። አልትራሳውንዱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጥራት የሚሰጠው ፕሮብ ብዙ ጥልቀት አይገባም፣ ስለዚህ ወፍራም አዋቂ ላይ ይቸገራል፣ ቀጭን ልጅ ላይ ግን ሁሉ ነገር ከቆዳው ሥር ነው። አንዱ የሚደክምበት ላይ ሌላው ይበረታል።

ሁለተኛው ጨረሩ ነው። የአዋቂ የሆድ ሲቲ ስካን በተለመደው አነሳስ ከ5 እስከ 10 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ሰው ከተፈጥሮ በዓመት የሚያገኘው ጨረር በዓለም አማካይ 2.4 ገደማ ነው። ለልጅ ማሽኑ ዝቅ ተደርጎ ይስተካከላል፣ አንድ ጊዜ መነሳቱም የሚያስደነግጥ አይደለም። ሆኖም የልጅ አካል ገና እያደገ ስለሆነ ለጨረር ስስ ነው፣ ጉዳት ቢኖር የሚገለጥበት ረጅም ዕድሜም ከፊቱ አለው። ስለዚህ ያለ ጨረር ማወቅ ከተቻለ ያንን እናስቀድማለን። ነገ ጠዋት ካልተገኘና ሕመሙ ከቀጠለ ወደ ሲቲ ስካን፣ ካለም ወደ ኤምአርአይ መሄድ ትክክል ነው። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፣ ግን ልጁ ጸጥ ብሎ መተኛት አለበት።

---

የሌሊት ተረኛ · 4፡52

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ነኝ። ከጥቁርና ነጭ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። እሱ የሚያወራው እሱ ራሱ ባለበት ሆስፒታል ስለሚሆነው ነው! እኔ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ልጅ ላይ አልትራሳውንድ የሚያነሳ የለመደ እጅ የለም። «አልታየም» የሚል ወረቀት ይሰጡኛል፣ ያ ወረቀት ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ መርማሪው ነው የሚነግረኝ። እንደዚያ ባለ ቦታ ሁለተኛው አልትራሳውንድ ከመጀመሪያው በምን ይሻላል? ሲቲ ስካኑን አነሳለሁ።

የማቲ እናት፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጁን እንዲዘል አድርገውት ነበር?

---

የማቲ እናት · 4፡57

አዎ። ከአልጋ አውርደው በአንድ እግርህ ዝለል አሉት። ዘለለ። ፊቱን ትንሽ አጨማደደ፣ ግን አላለቀሰም።

---

የሌሊት ተረኛ · 5፡11

የምጠይቀው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ለልጆች ከ10 የሚታረም የነጥብ ሰሌዳ አለን። ሕመሙ ቦታ መቀየሩ 1፣ የምግብ ፍላጎት ማጣቱ 1፣ ቀኝ ጎኑን ሲጫኑት ማመሙ 2፣ ነጭ የደም ሴሉ ከ10,000 ማለፉ 1። ትኩሳቱ 38 ስላልደረሰ አይቆጠርም። ይሄ 5 ነው፣ መሐል ላይ ማለት ነው። መሐል ያለ ልጅ አልትራሳውንድ የሚታዘዝለት ነው። ሲያስል ወይም ሲዘል ማመሙ ግን ብቻውን 2 ነጥብ አለው። ፊቱን ማጨማደዱን ከቆጠርነው 7 ይሆናል፣ 7 ደግሞ ቀዶ ሐኪም የሚጠራበት ነው። በአንድ ልጅ ፊት ላይ ባለች መጨማደድ ሰሌዳው ይገለበጣል። እኔ ብሆን ቀዶ ሐኪሙ ዛሬ ማታ አንድ ጊዜ እንዲነካው እጠይቅ ነበር፣ ምስሉ እስኪደገም።

---

ጥቁርና ነጭ · 5፡20

እዚህ ላይ አልከራከርህም። ቀዶ ሐኪሙ ማየቱ ጥሩ ነው። የለመደ እጅ ከሌለም ሲቲ ስካን ማንሳት ነውር የለውም። የማልስማማው ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይሻልም በሚለው ብቻ ነው። ሰው ባይቀየር እንኳ ሰዓቱ ይቀየራል። ልጁ የታየው ሕመሙ በጀመረ በ10 ሰዓቱ ነው። ጠዋት ከ24 ሰዓት በላይ ይሆነዋል። ታሞ ከሆነ ያኔ የሚታየው ነገር ይበልጣል።

---

የሌሊት ተረኛ · 5፡26

የሚፈነዳውም እኮ በዚያው ሰዓት ነው።

---

ጥቁርና ነጭ · 5፡34

በመጀመሪያው ቀን የመፈንዳቱ ዕድል ትንሽ ነው፣ ከዚያ እየጨመረ ይሄዳል። ልጁ 3 ዓመቱ ቢሆን እኔም አልጠብቅም ነበር። ከ5 ዓመት በታች ያሉት ቶሎ ይፈነዳባቸዋል፣ የት እንደሚያማቸውም አይናገሩም። የ9 ዓመት ልጅ ግን በየጥቂት ሰዓቱ እየተዳሰሰ፣ ሆስፒታል ውስጥ ማደሩ ተቀባይነት ያለው መንገድ ነው። ቤት ሄዶ ማደር አይደለም ያልኩት።

የማቲ እናት፣ ሌሊት ድንገት «ተሻለኝ» ብሎ ከዚያ ሆዱ በሙሉ ቢያመው፣ ቢጠነክር ወይም ትኩሳቱ ቢወጣ ጠዋትን አትጠብቂ፣ ወዲያው ነርሷን ጥሪ።

---

ጥላሁን 77 · 5፡41

የኔን 8 ሚሊሜትር የሚያነሳው ጠፋ?

---

ጥቁርና ነጭ · 5፡50

ይቅርታ ወንድሜ። ሪፖርቱ እጅህ ላይ ካለ 8 ከሚለው ቁጥር ቀጥሎ ያለውን ጻፍልኝ። ቁጥሩን ብቻውን አልፈልገውም።

---

ጥላሁን 77 · 6፡02

አገኘሁት። እንዲህ ይላል፦ «አፔንዲክሱ እስከ ጫፉ ታይቷል፣ 8 ሚሊሜትር፣ ውስጡ አየር አለው። ግድግዳው አልወፈረም። በዙሪያው ያለው ስብ ንጹሕ ነው። አጣዳፊ የአፔንዲክስ መቆጣት ምልክት የለም። በቀኝ የሽንት ቱቦ ታችኛው ጫፍ 4 ሚሊሜትር ጠጠር አለ፣ ከበላዩ ያለው ቱቦ በመጠኑ ሰፍቷል።»

---

ጥቁርና ነጭ · 6፡19

ያመመህ እኮ ተጽፎልሃል! የሽንት ቱቦ ጠጠር ነው። እዚያ ታች ላይ ሲደርስ ሕመሙ ልክ እንደ ትርፍ አንጀት ነው የሚመስለው። የሰጡህም መድኃኒት ለእሱ ይመስለኛል።

የ6 ሚሊሜትሩ ነገር ከአልትራሳውንድ የመጣ ቁጥር ነው። እዚያ እየተጫንን ነው የምንለካው። ተጭነነውም ከ6 በላይ ከቀረ ያጠራጥራል። ሲቲ ስካን ላይ ማንም አይጫንህም። አፔንዲክሱ አየር ወይም ሌላ ነገር ይዞ ልቅ እንዳለ ነው የሚለካው፣ ስለዚህ ጤነኛ አዋቂ ላይ 7ም 8ም ማግኘት ብርቅ አይደለም። ውስጡ አየር ካለ፣ ግድግዳው ካልወፈረ፣ ስቡ ንጹሕ ከሆነ 8 ምንም አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ 7 ሆኖ ግድግዳው የወፈረ፣ ስቡ የተቆጣ ካየሁ ቀዶ ሐኪም እጠራለሁ። ስትሰፋ ጨርቁን ወጥረህ የለካኸውንና ዘርግተህ የለካኸውን አታወዳድርም አይደል? እንደዚያ ነው።

---

ጥላሁን 77 · 6፡24

አንድ ዓመት ሙሉ በከንቱ ተጨነቅኩ በለኛ። ያኔ ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳኝም። «ደህና ነህ» ብቻ።

---

ብርሃኑ ዘ. · 6፡30

ጥያቄውን በደንብ ሳላነብ ነው የጻፍኩት፣ ይቅርታ እህቴ። ግን መርፌ ብቻ ይበቃል ያልኩት ውሸት ነው እንዴ?

---

የሌሊት ተረኛ · 6፡44

ውሸት አይደለም፣ ግን ምስሉ ላይ የሚጻፍ አንድ ቃል ይወስነዋል። በ2020 በአሜሪካ የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ ኮዳ ይባላል። አዋቂዎች ላይ የተሠራ ነው። ግማሾቹ አንቲባዮቲክ ብቻ ተሰጣቸው። ከእነሱ ውስጥ በ90 ቀን ጊዜ ከ10ሩ 3ቱ ገደማ ወደ ኦፕራሲዮን ሄዱ። ምስላቸው ላይ አፔንዲክሱ ውስጥ ጠጠር የታየባቸው ግን ከ10ሩ 4ቱ ገደማ ሄዱ፣ ችግርም በዝቶባቸዋል። እኔ «ጠጠር አለ» የሚል ሪፖርት ሲደርሰኝ በመድኃኒት ብቻ እንሞክር የሚለውን ሐሳብ ቀዝቀዝ አደርገዋለሁ። ጠጠሩ ቱቦውን እንደ ቡሽ ዘግቶታልና።

---

የማቲ እናት · ረቡዕ ጠዋት 4፡35

አድረን ነጋ። ማታ ቀዶ ሐኪም መጥቶ አየው፣ ሆዱ ለስላሳ ነው፣ እንጠብቅ አለ። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ሕመሙ ቀሰቀሰው። ጠዋት ትኩሳቱ 38.1፣ ነጭ የደም ሴሉ 15,100 ሆነ። 3 ሰዓት ላይ አልትራሳውንዱ ተደገመ። የዛሬዋ ሌላ ሐኪም ናት። ከፊት ስትፈልግ ቆየችና ልጁን በግራ ጎኑ አስተኝታ ከጎን ገባችበት። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ሪፖርቱ ይሄው፦

«አፔንዲክሱ ታይቷል። መነሻው 5 ሚሊሜትር ነው፣ ይጨፈለቃል። የጫፉ ሲሶ ወደ ትልቁ አንጀት ጀርባ ይዞራል፣ 9 ሚሊሜትር ነው፣ አይጨፈለቅም። በዶፕለር ግድግዳው ላይ የደም ዝውውር ጨምሯል። ጤነኛውና ያበጠው ክፍል በሚገናኙበት ቦታ ጥላ የሚጥል 5 ሚሊሜትር ጠጠር አለ። በዙሪያው ያለው ስብ ተቆጥቷል። የመግል ክምችት የለም።»

ለ8 ሰዓት ኦፕራሲዮን ይዘውለታል። ዶክተር፣ «ጥላ የሚጥል» ምንድን ነው? ያስፈራል።

---

ጥቁርና ነጭ · 4፡58

አያስፈራም። ድምፁ ጠጠሩን ማለፍ ስለማይችል ከኋላው ጥቁር መስመር ይቀራል። ጥላ ያልነው እሱን ነው። ጠጠር ለመሆኑ ማረጋገጫው ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።

የሪፖርቱን አጻጻፍ ግን ወደድኩት። ትናንት ስለ ጫፉ ያወራነው ይሄው መጣ። መነሻውን 5 አይታ እዚያው ብታቆም ኖሮ «ጤነኛ ነው» ተብሎ ይጻፍ ነበር። በግራ ጎን ማስተኛቱም ከጀርባ ለተደበቀ አፔንዲክስ የሚደረግ ነው። ጋዝ የያዘው አንጀት ወደ ግራ ይወርዳል፣ መንገዱ ይከፈታል። «የመግል ክምችት የለም» የሚለው ደግሞ ለቀዶ ሐኪሙ የተጻፈ ነው። ክምችት ቢኖር ዕቅዱ ይለወጥ ነበር።

---

አራተኛ ዓመት · 5፡06

እኔ ኔጌቲቭ ነው ብዬ አረጋግቼሽ ነበር። በጣም ይቅርታ እህቴ።

---

የማቲ እናት · 5፡10

ምንም አይደል ወንድሜ። ቀድመህ የመለስክልኝ አንተ ነህ።

---

የሌሊት ተረኛ · 5፡31

የታየው በግራ ጎን ስለተኛ ነው ወይስ ሰዓቱ ስላለፈ? ትናንት ማታ ያቺው ሐኪም ብትኖር ትልቁ እብጠት ባይኖርም ጠጠሩን ታገኘው ነበር ብዬ አስባለሁ። ጠጠር በአንድ ሌሊት አይበቅልም። እንግዲያው የጠበቅነው ሕመሙን ሳይሆን የለመደ እጅን ነው፣ ይሄ ነው የሚያበሳጨኝ።

---

ጥቁርና ነጭ · 5፡45

ሊሆን ይችላል። አልቃወምም። ትናንት ሲቲ ስካን ቢነሳ ጠጠሩ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር፣ እሱም እውነት ነው። አዋቂ ላይ ጨረሩን ዝቅ የማድረግ ነገር ተሞክሮ በ2012 በኮሪያ ጥሩ ውጤት ታይቷል። ከ15 እስከ 44 ዓመት ያሉ ሰዎችን በ2 ሚሊሲቨርት አንስተው በተለመደው 8 ሚሊሲቨርት ከተነሱት ጋር ሲያወዳድሩ፣ በስሕተት ጤነኛ አፔንዲክስ የወጣላቸው ሰዎች ብዛት በሁለቱም በኩል ተቀራራቢ ነበር። ስብ የሌለው የ9 ዓመት ልጅ ላይ ያንኑ ማድረግ ይቻላል ወይ ብትለኝ፣ ምስሉ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የሚጠፋብኝ የዚያ ዓይነት የጫፍ ነገር ነው።

---

የሌሊት ተረኛ · 5፡52

ስለ ጫፉ እሺ። ስለ ጠጠሩ አልተረታሁም።

---

የማቲ እናት · ምሽት 1፡15

ወጣ፣ ነቅቷል። በሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ነው የሠሩት። አልፈነዳም ነበር፣ ጫፉ ግን ጠቁሮ ነበር አሉ። ጠጠሩን በብልቃጥ አሳዩን። ባለቤቴ ፎቶ አንስቶታል፣ ማቲ «የኔ ነው፣ ለምን አይሰጡኝም» እያለ ነው።

---

ጥላሁን 77 · 1፡40

እንኳን ደስ ያላችሁ! ዶክተር፣ የኔ 4 ሚሊሜትር ጠጠር ወጥቶ ይሆን? ሪፖርቱ ላይ «ከሁለት ሳምንት በኋላ አልትራሳውንድ ይደገም» ይላል። አላስደገምኩም።

---

ጥቁርና ነጭ · 1፡48

የዚያ መጠን ያለው ብዙ ጊዜ በራሱ ይወርዳል። ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ወጥቷል አይባልም ግን። ቱቦው እንደሰፋ ሳያምህ ሊቀርም ይችላል። ያቺን ያለፈችህን አልትራሳውንድ ሂድና ተነሳ፣ ያንን ሪፖርትም ይዘህ ሂድ።